አባባን ጨምርልኝ

እማማ ከሳጥኗ የ25ኛ ዓመት የጋብቻ በዓላቸውን ፎቶ አውጥታ «አባባህን እዚህ ጋ ጨምርልኝ» አለችኝ። ድፎው ተቆርሷል፣ ልጆቹ ተደርድረዋል፣ አጠገቧ ያለው ወንበር ግን ባዶ ነው፣ ካሜራውን የያዘው ራሱ አባባ ነበራ፣ ለማንም አይሰጥም እኮ! ስካን አድርጌ፣ ከመታወቂያው ፎቶ ከነከረባቱ ቆርጬ በፎቶሾፕ ወንበሩ ላይ አስቀመጥኩት፣ ከለሩን ከአሮጌው ፎቶ ጋር ሳመሳስል አመሸሁና ላፕቶፑን አዞርኩላት።

መነጽሯን አድርጋ ጠጋ ብላ አየችው። «ውይ፣ ይሄማ ተቆጥቷል፣ የዛን ቀን ቀበሌ ተሰልፎ ውሎ ነው እኮ የተነሳው።»

«እሺ የሚስቅበት ፎቶ አለሽ?»

ሳቀች። «እሱ? ካሜራ ፊት? በል ተወው፣ እንደተቆጣ ይቀመጥ፣ ከረባቱን ብቻ አቅናለት።»