የገምጋሚ አስተያየት፦ «በተውላጠ ስም ላይ ብቻ የሚታይ ኤርጋቲቭ፤ ከአፍሪካ የመጀመሪያው ማስረጃ» በሚል ርእስ ለቀረበው ጥናት

ለአዘጋጁ እና ለጥናቱ አቅራቢ፦

ውሳኔዬን ከፊት ላስቀምጥ። ጥናቱ አሁን ባለበት መልክ መታተም የለበትም። ከባድ ክለሳ ያስፈልገዋል፤ ክለሳው ደግሞ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ የሚያልቅ አይደለም፣ ወደ ጋምቤላ መመለስን ይጠይቃል። ይህን የምለው ሥራውን ንቄ አይደለም። ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ፣ ሠላሳ ስምንቱንም ዓረፍተ ነገሮች በወረቀት ገልብጬ አንድ በአንድ ደርድሬያቸዋለሁ። በደንብ ያልተጠና የምዕራብ ናይሎቲክ ዘዬ ነው፣ ተናጋሪዎቹ ጥቂት ናቸው፤ እዚያ ድረስ ሄዶ የቀዳ ሰው ምስጋና ይገባዋል። የመንደሩን ስም ተናጋሪዎቹ ስለጠየቁ መደበቁም ትክክል ነው። ከዚህ በኋላ ግን በቀጥታ ለእርስዎ ለአቅራቢው እጽፋለሁ።

የሚሉት ይህ ነው። «እኔ» እና «አንተ» የተሻጋሪ ግስ አድራጊ ሲሆኑ «-ኢ» የሚል ቅጥያ ይይዛሉ። የኢተሻጋሪ ግስ ባለቤት ሲሆኑ ወይም ተሳቢ ሲሆኑ አይይዙም። ስሞች ግን የትም ቦታ ቢገቡ መልካቸው አይለወጥም። ስለዚህ ኤርጋቲቩ፣ ማለትም የተሻጋሪ ግስ አድራጊን ብቻ ነጥሎ የሚያሳየው ምልክት፣ ያለው በተውላጠ ስም ላይ ብቻ ነው ይላሉ።

ይህ እውነት ቢሆን ትልቅ ነገር ነው። የቋንቋ ሊቁ ሲልቨርስታይን በ1976 ያወጣው የተውላጠ ስሞችና የስሞች ደረጃ የሚጠብቀው በትክክል ተቃራኒውን ነው፤ አንድ ቋንቋ ለሁለት የሚከፈል ከሆነ የኤርጋቲቭ ምልክቱ በስሞች በኩል፣ የተሳቢ ምልክቱ በ«እኔ» እና «አንተ» በኩል ይሰለፋል። የአውስትራሊያው ጂርባል እንደዚያ ነው። ይህን የሚገለብጥ ሰው የሚያቀርበው መረጃ የደለበ መሆን አለበት። የእርስዎ ግን ስስ ነው፤ ከስስነቱም በላይ የተሰበሰበበት መንገድ ራሱ ውጤቱን የፈጠረው ይመስለኛል።

ቁጥሩን አብረን እንይ። ከ38ቱ ዓረፍተ ነገሮች 17ቱ ኢተሻጋሪ ናቸው። ከቀሩት 21 ተሻጋሪዎች በ15ቱ አድራጊው ስም ነው፣ በ6ቱ ተውላጠ ስም። እንግዲህ የጥናቱ ዋና ግኝት የቆመው በእነዚህ 6 ዓረፍተ ነገሮች ላይ ነው። ስድስቱም ከአንድ ሰው አፍ የወጡ ናቸው፣ ስድስቱም በአንድ ከሰዓት በኋላ የተቀዱ፣ ከስድስቱ ሦስቱ ደግሞ «ሰበረ» የሚለውን አንዱን ግስ ነው የደጋገሙት። ሁለተኛዋ ተናጋሪ «እኔ»ን አድራጊ አድርጋ አንድም ተሻጋሪ ዓረፍተ ነገር አልሰጠችም። በገጽ 9 ላይ «100 በመቶ» የሚለውን እባክዎ ያውጡት። 6 ከ6 ብለው ይጻፉት፣ አንባቢው ራሱ ይመዝነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ዓረፍተ ነገሮቹን የጠየቁት በአማርኛ ነው። የአማርኛ ጥያቄዎቹን በአባሪው ሙሉ በሙሉ ማስቀመጥዎ በጣም ጥሩ ነው፣ ብዙ ሰው ይህን አያደርግም፣ እኔም ነገሩን ያየሁት በዚያ ምክንያት ብቻ ነው። ቁጥር 12ን እና ቁጥር 27ን ጎን ለጎን ያስቀምጡ። በ12 ያሉት «ሴትዮዋ ማሰሮውን ሰበረችው» ነው። በ27 ያሉት «ማሰሮውን ሰበርኩት» ነው። ልዩነቱ ታየዎት? አማርኛ «እኔ»ን በግሱ ውስጥ ስለሚሸጉጠው በ27 ላይ ከግሱ በፊት የተነገረ አድራጊ የለም። በ12 ላይ ግን «ሴትዮዋ» ፊት ለፊት ቁጭ ብላለች። ሰውዬው ሲተረጉሙ በ12 የአማርኛውን ሥርዓት ተከትለው ሴትዮዋን ከግሱ በፊት አመጧት። በ27 ግን የሚከተሉት ስላልነበራቸው በራሳቸው ቋንቋ ሥርዓት ሄዱ፦ ተሳቢ፣ ግስ፣ ከዚያ አድራጊው «እኔ» በመጨረሻ፣ ከነ«-ኢ»ው።

ይህን ካየሁ በኋላ ሁሉንም ቆጠርኩ። 6ቱም የተውላጠ ስም አድራጊዎች ከግስ በኋላ ናቸው። ከ15ቱ የስም አድራጊዎች 14ቱ ከግስ በፊት ናቸው። ኢተሻጋሪዎቹ 17 ባለቤቶች ደግሞ፣ ስምም ሆኑ ተውላጠ ስም፣ ሁሉም ከግስ በፊት ናቸው። በሌላ አነጋገር «-ኢ» የመጣው ከግስ በኋላ ነው፣ ያልመጣውም ከግስ በፊት ነው። ስም ወይስ ተውላጠ ስም የሚለው ጥያቄ ገና አልተጠየቀም። እርስዎ የስምና የተውላጠ ስም ልዩነት ብለው ያነበቡት የአማርኛ ጥያቄዎችዎን ልዩነት ሊሆን ይችላል።

ለአካባቢው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ክሪስታ ኮኒግ በ2008 መጽሐፏ በምሥራቅ አፍሪካ ቋንቋዎች ላይ ያሳየችው አንድ ዝንባሌ አለ፤ ባለቤትን፣ አድራጊንና ተሳቢን የሚለየው የሙያ ምልክት ከግስ በፊት ይጠፋል፣ ከግስ በኋላ ይወጣል። ከዚህም በላይ ቶርበን አንደርሰን በ1988 ስለ ፓሪ ጽፏል። ፓሪ የደቡብ ሱዳን ናይሎቲክ ቋንቋ ነው፣ ለእርስዎ ዘዬ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ተሳቢው ከግስ በፊት፣ አድራጊው ከግስ በኋላ ሆኖ የኤርጋቲቭ ምልክት ይይዛል፣ የኢተሻጋሪው ባለቤት ግን ከግስ በፊት ያለ ምልክት ይቀመጣል። ይህ ከ27 ጋር አንድ ነው! ይህን ሥራ አለመጥቀስዎ አስገርሞኛል፣ ምክንያቱም በርእስዎ ላይ ያለውን «ከአፍሪካ የመጀመሪያው» የሚለውን ጥርጣሬ ውስጥ የሚከተው ከሁሉም በላይ እሱ ነው። ምናልባት ያገኙት ኤርጋቲቭ ዘመዶቹ የሚያውቁት ኤርጋቲቭ ነው፣ ስሞቹም ጭምር የሚካፈሉት።

ይህን ከጠረጠርኩ በኋላ ከግስ በኋላ ያለውን ብቸኛ የስም አድራጊ ፈለግኩ። ቁጥር 31 ነው፣ «ልጁን ውሻው ነከሰው»። እዚህ በአማርኛውም ውሻው ከልጁ በኋላ መጥቷል፣ በዘዬውም ከግሱ በኋላ ወርዷል። እና የጻፉት ምንድን ነው? የ«ውሻ» መጨረሻ ላይ ረዘም ያለ «ኢ» አለ። በግርጌ ማስታወሻ 9 ላይ «የተናጋሪው መንተባተብ» ብለው አልፈውታል። እኔ ግን በጥናቱ ውስጥ ካሉት ሁሉ ውዱ ዓረፍተ ነገር እሱ ነው እላለሁ። የላኩትን አጭር ድምፅ አሥር ጊዜ ያህል ሰማሁት። ሰውዬው አይንተባተቡም። ቃሉን በረጋ መንፈስ ጨርሰው ነው የሚያቆሙት። ይህ «-ኢ» በስም ላይ ከሆነ የጥናቱ ርእስ ይወድቃል፣ በምትኩ ግን እውነተኛ የሆነ ነገር ይቆማል።

ሁለተኛው ከባድ ችግር ቃና፣ ማለትም የድምፅ ከፍና ዝቅ ማለት ነው። በመላው ጥናት አንድም የቃና ምልክት የለም፣ በገጽ 4 ላይም «ለቀላልነት ተትቷል» ተብሏል። በዚህ የቋንቋ ቤተሰብ ቃና የሚተው ነገር አይደለም። በማሳይኛ ባለቤትን ከተሳቢ የሚለየው ቃና ነው። ዲንካም በቃና የተሞላ ቋንቋ ነው። ስለዚህ «ስሞች መልካቸው አይለወጥም» ሲሉ ማለት የሚችሉት «አናባቢና ተነባቢያቸው አይለወጥም» ብቻ ነው። ድምፃቸው ከፍ ወይም ዝቅ ማለቱን አልጻፉትም። በ12 እና በ20 ላይ ያለችው ሴትዮ በእኔ ጆሮ አንድ ዓይነት አይደለችም፤ በ20 ተሳቢ ስትሆን መጨረሻዋ ይወርዳል። ጆሮዬ ሊሳሳት ይችላል፣ ለዚህ ንጽጽር ሁለት ድምፅ ብቻ ነው የሰማሁት። ግን ማጣራቱ የእርስዎ ሥራ ነው፤ ሳይጣራ «ስሞች ምልክት የላቸውም» ማለት አይቻልም። ስለዚህ ነገር ለምን ይህን ያህል እንደምጨነቅ ልንገርዎ፦ እኔም በመጀመሪያ የመስክ ሥራዬ ቃናን «በኋላ እመለስበታለሁ» ብዬ ትቼ፣ ዓመት ሙሉ የተሳሳተ የሙያ ሠንጠረዥ ይዤ ስዞር ቆይቻለሁ። ስመለስ ዋናው መረጃ አቀባዬ አርፈው ነበር።

ከተመለሱ ምን ይሰብስቡ? በመጀመሪያ በአማርኛ አይጠይቁ፣ ወይም ከጠየቁ በተርጓሚነት ብቻ አይደገፉ። ማሰሮ፣ እንጨት፣ ገመድ ይዘው ሰው ፊት ይሥሩት፣ «ምን ሆነ?» ብለው ይጠይቁ። ተረት ያስነግሩ፤ አንድ የአሥር ደቂቃ ተረት ከመቶ የተተረጎመ ዓረፍተ ነገር የበለጠ ሊያሳይዎት ይችላል። ከዚያ አራት ነገር ያስፈልገኛል፦ ስም ሆኖ ከግስ በኋላ የመጣ አድራጊ፣ ተውላጠ ስም ሆኖ ከግስ በፊት የመጣ አድራጊ፣ እንደ «ተኛ»፣ «መጣ»፣ «አለቀሰ» ባሉ ግሶች ከግስ በኋላ የመጣ ባለቤት፣ እና ይህ ሁሉ ቢያንስ ከአምስት ስድስት ሰው። ሦስተኛው ወሳኝ ነው። ከግስ በኋላ የመጣ የኢተሻጋሪ ባለቤትም «-ኢ» ከያዘ ነገሩ ጭራሽ ኤርጋቲቭ አይደለም፣ ምልክት ያለው ባለቤት ነው፣ ኦሮምኛ ላይ እንደምናውቀው ማለት ነው፦ «ነምኒ ዹፌ» (ሰውየው መጣ) እና «ነምኒ ሌንጫ አጄሴ» (ሰውየው አንበሳ ገደለ)፣ በሁለቱም «ነምኒ»፣ ለብቻው ሲጠራ ግን «ነማ»። ካልያዘ ወይም እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ጨርሶ ካልተገኘ ወደ ፓሪ ይጠጋል። ስሙ ያለ «-ኢ» ከቀረ እና ተውላጠ ስሙ በሁለቱም ቦታ ከያዘ ግን የእርስዎ አባባል ይቆማል፣ እኔም በደስታ እደግፈዋለሁ።

ጥቃቅኑን በፍጥነት ልለፍ። ቁጥር 8 እና 19 ላይ የአማርኛ ትርጉሙና የቃል በቃል ፍቺው አይገጥሙም። ሠንጠረዥ 2 ከጽሑፉ ጋር በአንድ ዓረፍተ ነገር ይለያያል። «ተናጋሪ ለ» የተባሉት ሴት ዕድሜና የኖሩበት ቦታ አልተጻፈም፤ «ተናጋሪ ሀ» ከተማ ውስጥ ረጅም ጊዜ የኖሩ መሆናቸው ደግሞ ስለ አማርኛው ሥርዓት ካነሳሁት ጋር ስለሚያያዝ ከግርጌ ወደ ዋናው ጽሑፍ ይምጣ።

ለአዘጋጁ አንድ ሐሳብ አለኝ። አቅራቢው ወደ መስክ ለመመለስ አቅም ካጣ፣ ጥናቱ «ስለ አንድ የምዕራብ ናይሎቲክ ዘዬ የመጀመሪያ ማስታወሻ» ተብሎ በአጭሩ፣ ከ38ቱ ዓረፍተ ነገሮችና ከሙሉ ድምፃቸው ጋር ቢወጣ እደግፋለሁ። መረጃው ራሱ መጥፋት የለበትም። በዚህ ርእስ እና በዚህ ድምዳሜ ከወጣ ግን የቋንቋ ዓይነት አጥኚዎች ቀጥታ ወደ ሠንጠረዦቻቸው ይገለብጡታል፣ ከዚያ ማንም አያወጣውም።

ክለሳው ሲመለስ ለማንበብ ፈቃደኛ ነኝ። ሲልኩ የቁጥር 31ን ድምፅ ተቆርጦ ሳይሆን ከፊትና ከኋላው ካለው ወሬ ጋር ያያይዙልኝ፤ ሰውዬው ከውሻው በፊት ስለ ምን ሲያወሩ እንደነበር መስማት እፈልጋለሁ።