ግማሽ ጣሳ

ደብረ ብርሃን ጠባሴ የሚያውቁን ሰዎች ስለ እኔና ስለ አንድ የቀድሞ ጓደኛዬ ሁለት ወሬ ይዘው ይዞራሉ። አንደኛው ገንዘቤን በላ የሚል ነው፤ ሁለተኛው በቸልታ በጎቹን ጨረሳቸው የሚል። የሁለቱም ጀማሪ እኔ ነኝ። በዚህ ልክ ባልላቸውም፣ ሲባሉ ሰምቼ ዝም ብያለሁ። የመጀመሪያው ውሸት ነው። ሁለተኛው የእውነቱን ሩብ ያህል ይሆናል። ስለዚህ የሆነውን በቀኑና በቁጥሩ እጽፈዋለሁ። ያየሁትን አየሁ፣ ከሰው የሰማሁትን ሰማሁ እላለሁ፤ እሱ ልብ ውስጥ ገብቼ “ይህን አስቦ ነው” አልልም። ስሙንም አልጠራም። የሚያውቀው ያውቀዋል፣ ለማያውቀው ምን ያደርግለታል።

ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ 17 ዓመት ጓደኛሞች ነበርን። በግ መግዛት የሚያውቀው እሱ ነው፤ እኔ ደብተር መያዝ እችላለሁ። ቀንጃ ከቀንጃ ተጣምዶ እንደሚታረሰው፣ አንዱ የጎደለውን ሌላው እየሞላ ነበር የምንሠራው። ሞላሌ ገበያ ላይ አንድ በግ ለመግዛት ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅበት የማያውቅ ሰው ስለ ቸልታው ባያወራ ጥሩ ነው። መጀመሪያ ከንፈሩን ገልጦ ጥርሱን ያያል፤ ሁለት ጥርስ የለወጠ ነው የሚፈልገው። ከዚያ አውራ ጣቱን ወገቡ ላይ አሳርፎ አጥንቱን ይዳስሳል። አጥንቱ ሹል ከሆነና ቆዳው ልል ከሆነ ይወደዋል፤ ሥጋ የሚይዝበት ቦታ አለው ማለት ነው። ፀጉሩ የቆመና ዓይኑ ሥር የነጣ ከሆነ ግን ትል አለበት ብሎ ያልፈዋል። በመጨረሻ በጉን ለቆ ያስኬደዋል። ወደ አንድ ጎን እየዞረ የሚሄድ ከሆነ አዙሪት ነው፤ ከውሻ ኩስ የሚመጣው ትል አንጎሉ ውስጥ ገብቷልና በነፃ ቢሰጡትም አይወስደውም። ይህን ሁሉ ለአንድ በግ ያደርጋል። እኔ አጠገቡ ቆሜ ስልኬን እነካካለሁ።

በ2011 ዓ.ም. ለፋሲካ ለማድለብ ተስማማን። በዓሉ ሚያዝያ 20 ስለነበር 90 ቀን ወደ ኋላ ቆጥረን ጥር 20 ቀለብ ጀመርን። እያንዳንዳችን 11,000 ብር አወጣን። 10 በግ በአማካይ በ1,900 ብር፣ ጠቅላላ 19,000 ገዛን። ቀሪው 3,000 ለቀለብ፣ ለትል መድኃኒትና ከሞላሌ በመዘዞ፣ በጣርማ በር አድርጎ ለሚያመጣቸው መኪና ነው። በጎቹ የሚያድሩት እሱ ግቢ ነው። የውርጩ ወቅት ስለነበር ለሌሊቱ በረቱን በጭድና በማዳበሪያ ጆንያ ከለለው። ለዚህ ሥራ ምንም ክፍያ አልተሰላለትም። በውላችን “ትርፍ እኩል” ይላል እንጂ ሌሊት ተነስቶ ማየት የማን እንደሆነ አይልም። ውሉን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ቀለቡ ድርቆሽ እንደልብ፣ በላዩ ለአንድ በግ በቀን 200 ግራም ፉርሽካና 100 ግራም የኑግ ፋጉሎ ነበር። ይህን አንድ ላይ ሰጥቶ መጀመር ስለማይቻል ሁለት ሳምንት ሙሉ ከትንሽ እያሳደገ አለማመዳቸው። እስከ መጋቢት አጋማሽ አንድም በግ አልታመመም። ሁለተኛ ገንዳ እንሥራ ብሎኝም ነበር። አሥሩ በአንድ ገንዳ ሲበሉ ጉልበተኞቹ ደካሞቹን እየገፉ የእነሱን ድርሻ ይበሉባቸዋል። “ይቅር፣ ለሁለት ወር ምን ያደርጋል” ያልኩት እኔ ነኝ። ይህን የምጠቅሰው በኋላ የሞቱት ሦስቱ ትልልቆቹ ስለሆኑ ነው።

መጋቢት 14 ለሥልጠና አዲስ አበባ ሄድኩ። መጋቢት 29፣ እሑድ፣ በስልክ ተነጋገርን። ፉርሽካ ጠፍቷል፣ የተገኘውም ተወዷል፤ ከዘመድ የተፈጨ ገብስ አግኝቻለሁ፣ ምን ያህል ልስጥ አለኝ። “ለአንድ በግ ግማሽ ጣሳ” አልኩት።

ጣሳ ያልኩት የቲማቲም ድልህ ጣሳውን ነው፤ 400 ግራም ድልህ የሚይዘውን፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የምንሰፍርበትን። ግማሹ የተፈጨ ገብስ ሲሞላ 100 ግራም ገደማ ነው፤ ለጀማሪ ሆድ የሚበቃ። እኔ ከሄድኩ በኋላ ግን ያ ጣሳ አፉ ተሰንጥቆ እጅ መቁረጥ ጀመረ፤ እሱም የዱቄት ወተት ጣሳ አምጥቶ ተካው፤ ትልቁን፣ ሁለት ሊትር የሚይዘውን። የዚህ ግማሽ 500 ግራም ገደማ ነው። ስለዚህ “ግማሽ ጣሳ” ከአንዱ አፍ ወጥቶ ሌላው ጆሮ እስኪገባ አምስት እጥፍ ሆነ። ጣሳው መለወጡን ነግሬሃለሁ ይላል። አላስታውስም። አላስታውስም ማለት ደግሞ አልነገረኝም ማለት አይደለም፤ ያን ሰሞን ስንት ነገር በአንድ ጆሮዬ ገብቶ በሌላው እንደወጣ አውቃለሁ። በግራም ብናገር ኖሮ፣ ወይም “የትኛው ጣሳ” ብል ኖሮ፣ ይህ ጽሑፍ አይኖርም ነበር።

ገብስ ያልለመደ በግ በአንድ ጊዜ ብዙ ሲበላ ሆዱ ውስጥ ይኮመጥጣል። ማመስኳት ያቆማል፣ ግራ ጎኑ ይነፋል፣ ይንገዳገዳል፣ ያስቀምጠዋል፣ አንዳንዱ በቀኑ አንዳንዱ በሦስተኛው ቀን ይሞታል። ገብሱ የተሰጠው ከሰኞ መጋቢት 30 ጀምሮ ነው። ረቡዕ ማታ ሁለቱ መብላት አቆሙ። ሐሙስ ሚያዝያ 3 ንጋት ላይ አንዱ ሞቶ ተገኘ። አርብ ሁለት ተከተሉ።

ከዚህ በኋላ እሱ ያደረገውን ሰዎች አይናገሩም። ሐሙስ ጠዋት የእንስሳት ሐኪም ጠራ፤ በራሱ ገንዘብ ነው የከፈለው፣ ደብተሬ ላይ የለም። ገብሱን በሙሉ ከገንዳው ጠርጎ አወጣ። ቤኪንግ ሶዳ በውሃ በጥብጦ ለእያንዳንዳቸው በጠርሙስ አጠጣ። ሦስት ቀን ከድርቆሽና ከውሃ በቀር ምንም አልሰጣቸውም። ሰባቱ የተረፉት በዚህ ነው። ሐኪሙ እንደነገረኝ አንድ ቀን ቢዘገይ ግማሹም አይተርፍም ነበር።

እኔ አርብ ከሰዓት ደረስኩ። የሞቱትን ከግቢው ጀርባ ሊቀብር ጉድጓድ እየቆፈረ ነበር። አራት ሰው ቆሟል፤ ሐኪሙ፣ ሁለት ጎረቤትና የእሱ የእህት ልጅ። የወተት ጣሳውን አነሳሁና “እንደ ልጅ እንኳ መስፈር አትችልም? በቃ ገደልካቸው” አልኩ። በሰው ፊት፣ በእህቱ ልጅ ፊት። አልመለሰልኝም። አካፋውን አፈሩ ላይ ሰክቶ እጁን በሱሪው ጠረገ፣ ከዚያ መቆፈሩን ቀጠለ። ጓደኝነታችን የቆመው እዚያ ላይ ይመስለኛል። ይመስለኛል ያልኩት እሱ ሌላ ቀን ሊጠቅስ ስለሚችል ነው።

የእሱ ጥፋት የምለው ሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያው ሰባቱን በጎች ሚያዝያ 17 ሳያማክረኝ መሸጡ። በአማካይ በ3,100 ሸጠ፤ 21,700 ብር። ዋጋው ለዚያ ሰሞን ደህና ነበር፤ ብንመካከርም ከዚያ ብዙ አንበልጥም ነበር። ግን የሁለታችን ስለሆነ ሊያማክረኝ ይገባ ነበር ብዬ አሁንም አምናለሁ። ሁለተኛው የድርሻዬን 10,850 ብር ስድስት ሳምንት አቆይቶ መስጠቱ ነው። ለምን እንደዘገየ በኋላ ከሰው ሰማሁ። የቤቱ ጉዳይ ስለሆነ አልጽፈውም፤ ምክንያቱ በቂ ነበር። የሚያስቀይመኝ መዘግየቱ ሳይሆን “ቆየኝ” የምትል አንዲት ቃል አለመላኩ ነው። እሱ ደግሞ ያን ቀን ከተናገርኩት በኋላ ለምን ቃል ይልክልኛል? ገንዘቡ አንድ ብር ሳይጎድል ደርሷል። ስለዚህ “በላ” የሚለው ሰው ከዛሬ ጀምሮ ከእኔ ሰማሁ እንዳይል። ሂሳቡ ሲዘጋ ሁለታችንም የከሰርነው 150፣ 150 ብር ነው።

ሽማግሌ ልኬ ነበር፤ በሐምሌ። እሱ “ከእሱ ጋር ጠብ የለኝም” ብሎ መለሳቸው። ይህን መልስ ብዙ ጊዜ በክፉ ተርጉሜዋለሁ፤ ኩራት ነው ብያለሁ። ሌላ ትርጉምም አለው። ጠብ የሌለው ሰው የሚታረቅበት ነገር የለውም፤ ጓደኝነቱን ብቻ ነው የተወው፤ መተው ደግሞ መብቱ ነው። በ2013 አባቴ ሲያርፉ ቀብሩ ላይ አይቼዋለሁ፤ ከኋላ ቆሞ ነበር። ድንኳን አልገባም። አንዳንዶች “ለቅሶ እንኳ አልደረሰም” ሲሉ ሰምቻለሁ። ደርሷል።

ከ17 ዓመቱ ውስጥ በምስጢር የነገረኝን ሁሉ ትቻለሁ። ከእነሱ መካከል አንዱን ብጽፍ እኔ የተሻልኩ ሰው መስዬ እታይ ነበር።

ጽሑፉን ከማውጣቴ በፊት ሁለታችንንም በሚያውቅ ሰው እጅ ላክሁለት። “ትክክል ያልሆነ ካለ አርመው፣ አይውጣ ካልክም አይወጣም” አልኩ። ከአሥር ቀን በኋላ ወረቀቱ ተመለሰ። ሁለት ቦታ በሰማያዊ እስክሪብቶ ጽፎበታል፤ እንዳለ አስገባዋለሁ። ስለ ስልኩ ካወራሁበት ጎን፦ “ሁለቴ ደውያለሁ። ሁለተኛው ሰኞ ጠዋት ነበር፣ ስለ ጣሳው ልጠይቅህ። አላነሳህም።” ስልኬን ያኔ አልያዝኩትም ወይም አይቼ ትቼዋለሁ፤ የትኛው እንደሆነ አላውቅም። ሌላው ግማሽ ጣሳ ካልኩበት ጎን ነው፦ “ረቡዕ ሙሉ ጣሳ ነው የሰጠሁት። በዓሉ ደረሰ ብዬ። ይህን አንተ አታውቅም ነበር።”

ከዚያ በታች ምንም የለም።