የ12 ወር የጥሬ ገንዘብ ፍሰት ትንበያ፦ ፔዳ ግቢ አካባቢ ለሚከፈት የሸቀጣሸቀጥና የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ (ከብድር ማመልከቻው ጋር የተያያዘ)

ለባንኩ የብድር ክፍል
ባሕር ዳር

የተጠየቀው ብድር 495,000 ብር ነው። የመክፈያ ጊዜው 36 ወር ሲሆን፣ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ወለድ ብቻ፣ በቀሩት 33 ወራት ደግሞ በየወሩ 15,000 ብር ዋና ገንዘብና የቀሪው ዕዳ ወለድ ይከፈላል። ትንበያው የተሠራው ዓመታዊ ወለዱ 18 በመቶ ይሆናል ተብሎ ነው። የአመልካቾች መዋጮ 405,000 ብር በቁጠባ ሒሳብ ላይ ይገኛል፤ መግለጫው ተያይዟል። ትንበያው ከጥቅምት 2019 እስከ መስከረም 2020 ያለውን ጊዜ ይሸፍናል።

ሱቁ ከመከፈቱ በፊት የሚወጣው

የ6 ወር ቅድሚያ ኪራይ (በወር 15,000) 90,000፤ መደርደሪያና ባንኮኒ 135,000፤ አንድ ባለ መስታወት ፍሪጅና አንድ ዲፕ ፍሪዘር 130,000፤ የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን 35,000፤ ቀለም፣ ማስታወቂያ ሰሌዳና የመብራት መስመር 42,000፤ ፈቃድና ልዩ ልዩ 8,000። ድምሩ 440,000 ነው። የመጀመሪያው ዕቃ ግዥ 360,000 ሲጨመርበት 800,000 ይሆናል። ከ900,000 ብር የሚተርፈው 100,000 በእጅ የሚቆይ መነሻ ነው። ይህን መነሻ ለተጨማሪ ዕቃ አናውለውም። አዲስ ሱቅ ጥቅምት ላይ መደርደሪያው ሞልቶ፣ ኅዳር ላይ ያለቀውን ዘይት የሚተካበት ገንዘብ ሲያጣ ደንበኛው ወደ ጎረቤት ሱቅ ይሄዳል።

ሽያጩ እንዴት ተገመተ

በአካባቢው ባሉ ተመሳሳይ ሱቆች ደጃፍ ለሁለት ሳምንት ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ገዢ ተቆጥሯል፤ የአንድ ሰው ግዢም በአማካይ 100 ብር ተይዟል። ሱቁ ሲለመድ በቀን ከ160 እስከ 180 ገዢ ይጠበቃል። ጥቅምት ላይ ግን 100 ብቻ ገብቷል፤ ገና ማንም አያውቀንም። የቀን ሽያጩ በጥቅምት 10,000፣ በኅዳር 13,000፣ በታኅሣሥ 15,000፣ በጥር 16,000፣ በየካቲት 17,000 ነው። ሁዳዴ የካቲት 29 ስለሚገባ መጋቢት ወደ 16,000 ይወርዳል። እንቁላል፣ ወተትና ቅቤ ቢቀንሱም ሩዝ፣ ፓስታና የቲማቲም ድልህ ስለሚበረቱ ቅናሹ ትንሽ ነው። ፋሲካ ሚያዝያ 24 ይውላል፤ ሚያዝያና ግንቦት በቀን 18,000፣ ሰኔ 17,000 ተይዟል።

ከባዱ ወቅት ክረምት ነው። ተማሪው ሲበተን የሚቀረው የሰፈሩ ነዋሪ ስለሆነ ሐምሌና ነሐሴ በቀን 11,000 ብቻ ተደርጓል። ብዙ ትንበያ እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ የግንቦትን ገበያ በ12 አባዝቶ ዓመት ያደርገዋል። የጳጉሜ 6 ቀናት ከነሐሴ ጋር ተደምረው ነሐሴ 36 ቀን ሆኗል። ባንኩ ወለድ በቀን ቢያሰላም የዓመቱን ድምር ብዙም አይለውጠውም፣ በይበልጥ ወር ከወር ያሸጋሽገዋል። መስከረም 2020 በበዓሉና በተማሪው መመለስ 18,000 ሆኗል። የዓመቱ ሽያጭ 5,466,000 ብር ነው።

ከሽያጩ 10 በመቶው ዱቤ ነው፤ በሚቀጥለው ወር ይሰበሰባል፣ ከዱቤው 5 በመቶው ደግሞ እንደማይመለስ ተቆጥሯል። ለተማሪ የሚሰጥ ዱቤ ግንቦት 30 ይዘጋል። በሰኔ የተሰጠ የተማሪ ዱቤ በሐምሌ የሚጠይቁት ሰው የለም።

የትርፍ ህዳግ

ህዳጉ የተሰላው ከመሸጫ ዋጋ ላይ ነው። በ100 ብር የገዙትን በ118 መሸጥ 18 በመቶ ይመስላል፤ ከሽያጩ ሲሰላ ግን 15.25 በመቶ ነው። በዚህ ስሕተት ብቻ የዓመቱ ገንዘብ 150,000 ብር ያህል ተጋንኖ ይታያል።

ዘይትና ስኳር የሽያጩ 25 በመቶ ሆነው 8 በመቶ ያስገኛሉ። ሩዝ (ከወረታ የሚመጣው የፎገራ ሩዝ ጭምር)፣ ፓስታና ዱቄት 20 በመቶ ድርሻ በ14፤ ሳሙናና የንጽሕና ዕቃ 25 በመቶ ድርሻ በ20፤ ብስኩት፣ ውኃና ለስላሳ 20 በመቶ ድርሻ በ25፤ ደብተር፣ እስክሪብቶና የመሳሰለው 10 በመቶ ድርሻ በ32። አማካዩ 18 በመቶ ይወጣል፤ ስለዚህ ከ100 ብር ሽያጭ 82ቱ የዕቃ ዋጋ ነው። ዘይትና ስኳር የሚያተርፉት ጥቂት ነው፤ ደንበኛ የሚያስገቡት ግን እነሱ ናቸው።

ግዥው በየወሩ ከሽያጩ ጋር እኩል አይሄድም። መጋቢት ላይ ለፋሲካ፣ ነሐሴ ላይ ለእንቁጣጣሽና ለትምህርት መክፈቻ ቀድሞ ይገዛል፤ ገንዘቡ የሚገባው በሚቀጥለው ወር ነው። ጅምላ አከፋፋይ ለአዲስ ሱቅ ዱቤ አይሰጥምና ግዥው ሁሉ በእጅ በእጅ ተይዟል። በዓመቱ መጨረሻ በሱቁ የሚገኘው ዕቃ 377,880 ብር ነው፤ ማለትም የመዝጊያው ገንዘብ ዕቃ አሟጦ የተገኘ አይደለም።

ወርኃዊ ወጪ

የአንድ ሻጭ ደመወዝ 7,000 እና የአሠሪ ጡረታ መዋጮ 11 በመቶ 770፤ ጥበቃና ጽዳት 1,200፤ መብራት 2,400፤ ባጃጅና ጫኝ አውራጅ 4,000፤ የወረቀት ከረጢት፣ ስልክና የማሽን አገልግሎት 1,830፤ የሒሳብ ባለሙያ 2,500፤ የባለቤቶች ወርኃዊ ወጪ 10,000። ድምሩ 29,700 ነው። የባለቤት ወጪ በትንበያው ውስጥ የተጻፈው ሆን ተብሎ ነው። ያልተጻፈ እንደሆነ ከመሳቢያው በየቀኑ ይወጣል፣ የት እንደገባም አይታወቅም።

ሽያጩና ግዥው ቫትን ጨምረው ተይዘዋል። ቫት የሚከፈልበት ከዕቃው ከፊሉ ብቻ ስለሆነ፣ ከግዥ ቫት ጋር ተቀናንሶ ለገቢዎች የሚከፈለው ልዩነት ካለፈው ወር ሽያጭ 1.8 በመቶ ሆኖ ተገምቷል። የትርፍ ግብር እስከ ጥቅምት 30 ቀን 2020 የሚከፈል በመሆኑ ከ12 ወሩ ውጭ ነው።

ሠንጠረዥ (በብር)

«ሌላ ወጪ» ወርኃዊ ወጪውንና ቫቱን ይይዛል፤ በሚያዝያ ደግሞ የሁለተኛው 6 ወር ኪራይ 90,000 ተጨምሯል።

| ወር | መነሻ | የገባ | ዕቃ ግዥ | ሌላ ወጪ | ለባንክ | መዝጊያ |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ጥቅምት | 100,000 | 270,000 | 230,000 | 29,700 | 7,425 | 102,875 |
| ኅዳር | 102,875 | 379,500 | 320,000 | 35,100 | 7,425 | 119,850 |
| ታኅሣሥ | 119,850 | 442,050 | 375,000 | 36,720 | 7,425 | 142,755 |
| ጥር | 142,755 | 474,750 | 395,000 | 37,800 | 22,425 | 162,280 |
| የካቲት | 162,280 | 504,600 | 420,000 | 38,340 | 22,200 | 186,340 |
| መጋቢት | 186,340 | 480,450 | 440,000 | 38,880 | 21,975 | 165,935 |
| ሚያዝያ | 165,935 | 531,600 | 440,000 | 128,340 | 21,750 | 107,445 |
| ግንቦት | 107,445 | 537,300 | 430,000 | 39,420 | 21,525 | 153,800 |
| ሰኔ | 153,800 | 510,300 | 380,000 | 39,420 | 21,300 | 223,380 |
| ሐምሌ | 223,380 | 345,450 | 250,000 | 38,880 | 21,075 | 258,875 |
| ነሐሴና ጳጉሜ | 258,875 | 387,750 | 390,000 | 35,640 | 20,850 | 200,135 |
| መስከረም | 200,135 | 523,620 | 430,000 | 36,828 | 20,625 | 236,302 |
| ድምር | | 5,387,370 | 4,500,000 | 535,068 | 216,000 | |

በተያያዘው የኤክሴል ፋይል የመዝጊያው አምድ ቀመር ይህ ነው፤ የሚቀጥለው ወር መነሻም ከዚሁ ይወሰዳል።

```
G2: =B2+C2-D2-E2-F2
B3: =G2
```

በዓመቱ ለባንኩ ከሚከፈለው 216,000 ውስጥ 135,000 ዋና ገንዘብ፣ 81,000 ወለድ ነው። በመስከረም 2020 መጨረሻ ቀሪው ዕዳ 360,000 ይሆናል።

ዕዳ የመክፈል አቅም ከሠንጠረዡ በቀጥታ ሲሰላ ከገባው ላይ ዕቃ ግዥና ሌላ ወጪ ተቀንሶ የሚቀረው 352,302 ለ216,000 ተካፍሎ 1.63 ነው። ይህ ቁጥር ግን ያሞካሻል፦ የመጀመሪያው 6 ወር ኪራይ ቀደም ብሎ ስለተከፈለ በ12 ወሩ ውስጥ አይታይም። እሱን ቀንሰን 262,302 ስንወስድ 1.21 ይሆናል፤ ለውሳኔ ይህኛው እንዲያዝ እንጠይቃለን። የመስከረሙ 236,302 ብርም ሁሉ ትርፍ አይደለም። በቀጣዩ ወር፣ በጥቅምት 2020፣ ሌላ 90,000 ኪራይና የትርፍ ግብሩ ይጠብቁታል።

ነገሩ ቢከፋ

ሽያጩ ዓመቱን ሙሉ በ20 በመቶ ቢቀንስና ግዥውም አብሮ ቢቀንስ፣ ሚያዝያ በ24,251፣ መስከረም በ76,562 ብር ይዘጋል። የባንኩ ክፍያ አይቋረጥም።

የሚያሰጋው የዋጋ ነገር ነው። አከፋፋይ ዋጋ ጨምሮ እኛ መሸጫውን ሳንነካ ብንቆይና የዕቃ ዋጋው ከሽያጩ 82 ወደ 86 በመቶ ቢወጣ፣ አንድም ደንበኛ ሳይቀንስብን ሚያዝያ ላይ 20,360 ብር ይጎድላል። ፋሲካና ኪራይ በአንድ ወር ይገናኛሉ። ስለዚህ የመሸጫ ዋጋ በየሰኞው ከአዲሱ የግዥ ደረሰኝ ጋር ይመሳከራል። ህዳጉ በተከታታይ ሁለት ሳምንት ከ16 በመቶ በታች ከወረደ የዘይትና የስኳር ግዥ በሩብ ይቀነሳል። ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ የባለቤቶች ወጪ ወደ 5,000 ቢወርድ ደግሞ 25,000 ብር ስለሚተርፍ ጉድለቱ ተሸፍኖ 4,640 ብር በእጅ ይቀራል። የሽያጭ መቀነሱና የዋጋ መጨመሩ አንድ ላይ ቢመጡ ግን ይህ ዕቅድ አይቋቋማቸውም። ያን ጊዜ ክፍያ ሳያመልጥ፣ ከጥር በፊት ለባንኩ አስታውቀን ስለ መክፈያው መርሐ ግብር እንነጋገራለን።

መብራት ሲጠፋ የሚበላሸው ወተትና አይስክሬም ስለሆነ በዲፕ ፍሪዘሩ የሚቀመጠው ዕቃ ከ15,000 ብር አይበልጥም።

ስለ አከፋፈሉ ሁለት ጥያቄ

ብድሩ እስከ መስከረም 10 ቀን 2019 ቢለቀቅ ሱቁ ጥቅምት 1 ይከፈታል። በአንድ ወር ቢዘገይ ሰንጠረዡ በአንድ ወር የሚገፋ እንዳይመስል፦ ክረምቱ ባለበት ስለሚቆይ ሙሉ ክፍያ የሚጀመርበት ጊዜ ወደ ሐምሌ በአንድ ወር ይጠጋል፣ ያለው የገበያ ወቅትም በዚያው ያጥራል።

ሁለተኛው፣ ወርኃዊ ክፍያው በወሩ 10ኛ ቀን እንዲሆን ነው። ደመወዝና ቫት በወር መጨረሻ ይወጣሉ፤ የነዋሪው ዱቤ ደግሞ ደመወዝ በወጣ በመጀመሪያው ሳምንት ይሰበሰባል።