ተኝታችሁ ለምታቅዱ፦ ማታ የሚሠራ የጽሑፍ ልምምድ

ራሳችሁን ትራስ ላይ ስታሳርፉ የነገ ስብሰባ፣ የቤት ኪራይ፣ ያልመለሳችሁት ስልክ ተራ በተራ ከመጣ ይህ ልምምድ ለእናንተ ነው። ማቀዱ ምንም አይደለም። ችግሩ ሌሊት 7 ሰዓት ላይ፣ በጨለማ፣ ያንኑ ነገር አሥር ጊዜ ማቀዱ ነው።

ደብተር፣ እስክሪብቶና 15 ደቂቃ ይበቃል። ስልክ ላይ አትጻፉ፤ ማስታወሻ ልትጽፉ ገብታችሁ ቲክቶክ ላይ ነው የምትገኙት። አልጋ ላይም አይሁን። ከመኝታ ሁለት ሰዓት ያህል ቢቀድም ጥሩ ነው። 4 ሰዓት የምትተኙ ከሆነ 2 ሰዓት ላይ፣ ልጆች ካሉ ደግሞ እነሱ ጋደም እንዳሉ።

ገጹን መሃል ለመሃል በመስመር ክፈሉት። በግራ «ያሳሰበኝ»፣ በቀኝ «ቀጣዩ እርምጃ» በሉት። መጀመሪያ ግራውን ሙሉ። ሳታሳምሩ፣ ጭንቅላታችሁ ውስጥ በሚመላለስበት ቃል፣ ከሦስት እስከ አምስት ነገር።

ከዚያ ቀኙ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው፤ ነገሩን ከነሥሩ የሚጨርስ መፍትሄ ሲፈልግ ሌላ ጭንቀት ይጀምራል። የሚፈለገው ነገ ወይም በዚህ ሳምንት የምትሠሩት አንድ ትንሽ ነገር ነው፣ ሰዓቱ ጭምር። «ስለ ኪራዩ ማሰብ» እርምጃ አይደለም። ማሰቡማ መች ጠፋ!

ጉርድ ሾላ ተከራይታ የምትኖር አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ ብትጽፈው ይህን ይመስላል፦

ያሳሰበኝ፦ አከራዬ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ 3,000 ብር እጨምራለሁ ብለዋል።
ቀጣዩ እርምጃ፦ ነገ ማታ 1 ሰዓት ውሉን አውጥቼ መቼ እንደሚያልቅ አያለሁ። ቅዳሜ ጠዋት አነጋግራቸዋለሁ።

ያሳሰበኝ፦ የእማዬ የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና።
ቀጣዩ እርምጃ፦ ነገ 4 ሰዓት ላይ ለወንድሜ ደውዬ የቀጠሮው ቀን ማን አብሯት እንደሚሄድ እንነጋገራለን። ውጤቱ በእኔ እጅ አይደለም።

ያሳሰበኝ፦ ዕቁብ አልከፈልኩም።
ቀጣዩ እርምጃ፦ ጠዋት ታክሲ ውስጥ ሆኜ በቴሌብር እልካለሁ።

ያሳሰበኝ፦ አለቃዬ ሰኞ ለብቻሽ እፈልግሻለሁ ብሎኛል።
ቀጣዩ እርምጃ፦ ለምን እንደሆነ አላውቅም። የወሩን ሪፖርት አትሜ እይዛለሁ። እስከ ሰኞ ሌላ የሚሠራ የለም።

የመጨረሻውን ልብ በሉ። ሌሊቱን የሚበላው አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ያለው ነው፤ ገና ያልተደረገ ወሬ፣ «እንዲህ ቢለኝ እንዲህ እለዋለሁ» እያልን የሁለታችንንም ድርሻ የምንናገርበት። ለዚህ ምልልስ አትጻፉ። አንድ የሚያዝ ነገር ጻፉና «እስከ ሰኞ የሚሠራ የለም» ብላችሁ ዝጉት። በእጃችሁ ያልሆነውንም ልክ እንደ እማዬ ውጤት በግልጽ «በእኔ እጅ አይደለም» በሉት።

ለመሆኑ ይሠራል? በ2018 (እ.ኤ.አ.) ቴክሳስ በሚገኘው ቤይለር ዩኒቨርሲቲ የተሠራ ጥናት አለ። 57 ወጣቶች ከመተኛታቸው በፊት 5 ደቂቃ እንዲጽፉ ተደረገ፤ ግማሾቹ በሚቀጥሉት ቀናት የሚሠሩትን፣ ግማሾቹ ሠርተው የጨረሱትን። የሚሠሩትን የጻፉት በአማካይ 9 ደቂቃ ያህል ቀድመው ተኙ፣ ዝርዝር አድርገው የጻፉት ደግሞ ይበልጥ ፈጠኑ። ተአምር አይደለም፣ ጥናቱም በጤነኛ ወጣቶች ላይ የአንድ ሌሊት ነው። ለ5 ደቂቃ ወረቀት ግን አይከፋም።

ስትጨርሱ ደብተሩን ዝጉና ለነገ በምትይዙት ቦርሳ ውስጥ ክተቱት፤ መኝታ ቤት አይግባ። ጸሎት የምታደርጉ ከሆነ ደብተሩ ይቅደም፣ ካልሆነ ጸሎቱ መሃል የኪራዩ ነገር ይመጣል።

አልጋ ላይ ያው ሐሳብ ከተመለሰ አትከራከሩት። «ተጽፏል፣ ነገ 4 ሰዓት» በሉት። በእርግጥ አዲስ ነገር ከመጣ ራስጌ ባለ ቁራጭ ወረቀት ላይ አንድ መስመር ብቻ ጻፉ። 20 ደቂቃ ያህል እንደተገላበጣችሁ ከተሰማችሁ (ሰዓት አትዩ!) ተነሱ፣ ደብዘዝ ባለ መብራት አሰልቺ ነገር አንብቡ ወይም ልብስ እጠፉ፣ ዓይናችሁ ሲከብድ ተመለሱ።

ጠዋት ደብተሩን የግድ ክፈቱት። የተሠራውን ሰርዙ፣ ያልተሠራውን ሌላ ሰዓት ስጡት። ካልከፈታችሁት ጭንቅላት ያውቅባችኋል፣ ማታ ራሱ ማስታወስ ይጀምራል።

ሁለት ሳምንት ሞክሩት። እንቅልፍ ማጣቱ በሳምንት ሦስት ሌሊትና ከዚያ በላይ ሆኖ ሦስት ወር ካለፈው፣ ወይም ጭንቀቱ ቀንም ሥራ ካስፈታችሁ ሐኪም አነጋግሩ። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ግን ሁለት ሳምንቱንም ሆነ ጠዋትን አትጠብቁ፤ ያኔውኑ የምትቀርቡትን ሰው ቀስቅሳችሁ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።