ፎርዋርድ፦ የውሃ ፓምፑ ጉዳይ (ላይኛውን ብቻ ቢያነቡ ይበቃል)

ከ፦ ሒሩት፣ የኮሚቴው ጸሐፊ
ለ፦ ጋሽ ተስፋዬ
ቀን፦ ረቡዕ፣ ጥር 21 ቀን 2017፣ ከቀኑ 8፡40
ተያይዟል፦ የሞተር ጠቅላዩ ፕሮፎርማ፣ ቃለ ጉባኤ

ጋሽ ተስፋዬ፣ እንደምን ዋሉ?

ገንዘብ ያዥነቱን ከተረከቡ ገና ሁለት ቀንዎ ነው፤ እኔ ደግሞ የአሥራ ስድስት ቀን ደብዳቤ ልጭንብዎ ነው። በስልክ ከግርጌ ወደ ላይ እየወጡ ማንበብ ዓይን ያደክማል። ስለዚህ ፍሬ ነገሩን እዚሁ አስቀምጬልዎታለሁ። የታችኛው የሆነ ነገር ካጠራጠረዎት ብቻ የሚያዩት ነው።

ከእርስዎ የሚፈለገው፦ ነገ ሐሙስ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ከዳዊት ጋር ባንክ መሄድ። መታወቂያዎን እንዳይረሱ። መጀመሪያ የቤቲ ፊርማ በእርስዎ ይቀየራል፣ ከዚያ 18,200 ብር ይወጣል። ማኅተም የተመታበት ቃለ ጉባኤ ዳዊት እጅ ነው፤ የተያያዘው ኮፒው ነው። ነገ የማይመችዎ ከሆነ ዛሬ ማታ ይደውሉልኝ። ሞተር ጠቅላዩ በዚህ ዋጋ የሚጠብቀን እስከ ዓርብ ብቻ ነው።

የተወሰነው፦ አዲስ ፓምፕ አንገዛም። የተቃጠለውን ሞተር እናስጠቅልላለን። 9,500 ለመጠቅለያ፣ 3,800 ፌዝ ሲጎድል ሞተሩን ለሚያጠፋው ሪሌይ፣ 900 ለፍሎተር፣ 4,000 ለገጣሚው ለካሳሁን የእጅ ዋጋ። ቫት የሚከፈልበት ሁሉ ከነቫቱ ነው። ካዝናችን ውስጥ 38,400 አለ፤ ከዚህ በኋላ 20,200 ይቀራል። ከነዋሪው መዋጮ አይጠየቅም።

ከታች እንዳያሳስትዎ፦ ሲወርዱ «46,000 ብር» እና «በየቤቱ 500 ብር» የሚሉ ያገኛሉ። ሁለቱም ቀርተዋል። 46,000ው እንዲያውም ቫት ያልገባበት ነበር። እኔም ፕሮፎርማውን አይቼ አላስተዋልኩትም፤ ቤቲ ናት የያዘችው።

ያልተቋጨው አንድ ነገር ነው፦ ምድር ቤት ያሉት የፓምፑን የመብራት ወጪ ይካፈሉ አይካፈሉ የሚለው። እትዬ አልማዝ በር ላይ ይዘው ቢጠይቁዎት «ለጠቅላላ ስብሰባው» ብለው ይለፉ። ዛሬ ከከፈቱት ቡናው ሦስተኛው ድረስ ይሄዳል።

ሁለት ማሳሰቢያ። ከቤቲ ደብዳቤ ሥር ወርሃዊ ያልከፈሉ ሰዎች ስም ዝርዝር ነበር፤ አውጥቼዋለሁ። ለእርስዎ በወረቀት አመጣልዎታለሁ፤ በኢሜይል ሲዞር ባይገኝ ይሻላል። ሌላው፣ መልስ ሲሰጡ ለእኔ ብቻ ይላኩልኝ። ከታች ባለው ውስጥ የእትዬ አልማዝ ልጅም አለበት።

አክባሪዎ፣
ሒሩት

——— የተላለፈው ከዚህ ይጀምራል፤ አዲሱ ከላይ ነው ———

ከ፦ ዳዊት
ለ፦ ኮሚቴው
ቀን፦ ሰኞ፣ ጥር 19 ቀን 2017፣ ከምሽቱ 3፡05

ሰላም ለሁላችሁ፣

ትናንት ከቅዳሴ መልስ ደረጃው ሥር የተነጋገርነውን በጽሑፍ ለማስቀረት ነው። ሞተሩ ይጠቀለላል። ሪሌዩ ግድ ነው፤ ያለ እሱ ካሳሁን እጄን አላነሳም ብሏል። ልክ ነው። ጠቅላዩ የሦስት ወር ዋስትና በጽሑፍ ይሰጣል።

ዛሬ ሞተሩን በባጃጅ ቃሊቲ አድርሼዋለሁ። ኮረኮንቹ ላይ እግሬ መሃል አቅፌው ነው የሄድኩት፤ ሱሪዬን አትጠይቁኝ። ጠቅላዩ ግማሹን ካልከፈላችሁ ሽቦ አልገዛም ብሏል። ገንዘቡ በገባ በሦስተኛው ቀን ያስረክበናል።

ጋሽ ተስፋዬ ገንዘብ ያዥ ለመሆን እሺ ብለዋል። እግዜር ይስጣቸው። ሒሩት፣ እስካሁን የተባባልነውን ላኪላቸው፤ ግን እንዲሁ ዝርግፍ አድርገሽ አይሁን።

ዳዊት

——————

ከ፦ ቤቲ
ለ፦ ዳዊት፣ ሒሩት
ቀን፦ ሐሙስ፣ ጥር 15 ቀን 2017፣ ከጠዋቱ 4፡20

ዳዊትዬ፣ የፓምፑን ፕሮፎርማ አሁን በደንብ አየሁት። ከሥሩ በጥቃቅን ፊደል «ቫትን አይጨምርም» ይላል። 15 በመቶ ሲገባበት 46,000 የነበረው 52,900 ሆነ። የካሳሁን 4,000 ሲደመር 56,900። ሪሌይና ፍሎተር ገና አልተነሱም።

በየቤቱ 500 ብንሰበስብ 48 ቤት 24,000 ነው። ቀሪውን 32,900 ከካዝና ካወጣን 5,500 ይቀረናል። ያውም 48ቱም ከከፈሉ። ማን በሰዓቱ እንደሚከፍል ደግሞ ከእኔ በላይ የምታውቁት የለም።

ማስጠቅለሉ ግን ከነሪሌዩ፣ ከነፍሎተሩ፣ ከነእጅ ዋጋው 18,200 ነው። ሂሳብ ካላችሁኝ መልሱ ይኸው ነው። የዛሬው ቀሪ 38,400 ነው፤ ደብተሩን አመሳክሬዋለሁ።

ሐዋሳ የምንሄደው በሚቀጥለው ሳምንት ስለሆነ ደብተሩንና የደረሰኝ ጥራዙን ለሚተካኝ ሰው በእጄ ላስረክብ። ፊርማዬም ባንክ ውስጥ እንዳለ እንዳይቀር። ለእናንተም ለእኔም አይሆንም።

ቤቲ

——————

ከ፦ ዳዊት
ለ፦ ኮሚቴው
ቀን፦ ማክሰኞ፣ ጥር 13 ቀን 2017፣ ከምሽቱ 1፡50

እንኳን ለጥምቀቱ አደረሳችሁ። ካሳሁን ዛሬ መጥቶ ሞተሩን ፈታው። የነገረኝን ሳልቀንስ እጽፋለሁ።

ክዳኑ ሲነሳ የተቃጠለ ቫርኒሽ ሽታ ግቢውን ሞላው። ውስጡ ሦስት ጥቅል ሽቦ አለ፣ ለእያንዳንዱ ፌዝ አንድ። ሁለቱ ከሰል መስለዋል። ሦስተኛው ግን እንደ አዲስ ያበራል፤ የመዳቡ ቀለም እንኳ አልተለወጠም። ካሳሁን በጣቱ እየነካ «ይሄ ነው ምስክሩ» አለኝ። አንዱ ፌዝ ጎድሎ እያለ ሞተሩ በሁለቱ ብቻ ሊሠራ ሲታገል፣ የቀሩት ሁለቱ ከአቅማቸው በላይ ከረንት ይስባሉ፣ ይግላሉ፣ ይቃጠላሉ። ሦስተኛው ምንም ስላላለፈበት ይተርፋል። እርጅና ቢሆን ኖሮ ሦስቱም አብረው ይጠቁሩ ነበር አለ።

ስለዚህ ጥር 5 ለሰኞ አጥቢያ ለሊት መብራት ሄዶ ሲመለስ አንድ ፌዝ ጎድሎ ነው የመጣው ማለት ነው። የሳሎን አምፖል ስለበራ ማንም አላወቀም፤ ቤታችን የሚገባው አንዱ ፌዝ ብቻ ነው።

ከዚህ የምረዳው፣ ነገ አዲስ ፓምፕ ብንገዛ እሱም በመጀመሪያው ጉድለት ይቃጠላል። ያጣነው ፓምፕ ሳይሆን ጠባቂ ነው። ሪሌዩ አንድ ፌዝ ሲጎድል ራሱ ያጠፋዋል። ፍሎተሩ ደግሞ የምድሩ ሮቶ ሲደርቅ ፓምፑ ባዶውን እንዳይዞር ነው። የድሮው ፍሎተር ገመዱ ተበጥሶ ሮቶው ውስጥ ሲዋኝ አገኘነው። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አምላክ ይወቅ።

ፑሊው፣ ኩሽኔታው፣ አካሉ ደህና ነው። ይጠቀለል ከተባለ ይነሳል።

ዳዊት

——————

ከ፦ የእትዬ አልማዝ ልጅ
ለ፦ ኮሚቴው
ቀን፦ ሐሙስ፣ ጥር 8 ቀን 2017፣ ከምሽቱ 2፡30

እናቴ እያለችኝ ነው የምጽፈው።

«ልጆቼ፣ እኔ ምድር ቤት ነኝ። ውሃ በተራችን ቀን በራሱ ጉልበት ይመጣልኛል። ፓምፑን አልተጠቀምኩበትም። 500 ብር የምከፍለው ለምኑ ነው? ሦስተኛ ፎቅ ላለው ሰው ውሃ እንዲወጣለት ከሆነ በጸሎት ልርዳው። ጎረቤት ተቸግሮ እያየሁ ዝም አልልም፤ ጀሪካን ይዞ የመጣ ሁሉ ከእኔ ቧንቧ ይቅዳ፣ አንድም ቀን በሬን አልዘጋሁም። ግን መዋጮና ቡና ለየቅል ነው።»

እኔ በግሌ መክፈል አለብን ባይ ነኝ። ይህን ግን እንዳትነግሯት።

——————

ከ፦ ዳዊት
ለ፦ ኮሚቴው፣ የሁለቱም ብሎክ ነዋሪዎች
ቀን፦ ማክሰኞ፣ ጥር 6 ቀን 2017፣ ከምሽቱ 12፡45

ሞተሩ ተቃጥሏል። መርካቶ ወርጄ ዋጋ ጠይቄያለሁ፤ የዚሁ ዓይነት፣ ባለ 3 የፈረስ ጉልበት፣ 46,000 ብር ነው። ከመግጠሚያው ጋር 50,000። በየቤቱ 500 ብር ብናዋጣ 24,000 ይሆናል፤ ቀሪውን 26,000 ከካዝና ብናወጣ 12,400 ይተርፈናል። ከጥምቀት በፊት ቢያልቅ ጥሩ ነው። እንግዳ የሚጠብቅ ብዙ ነው።

ዳዊት

——————

ከ፦ ሒሩት
ለ፦ ዳዊት
ቀን፦ ሰኞ፣ ጥር 5 ቀን 2017፣ ከጠዋቱ 1፡10

ዳዊት፣ እንደምን አደርክ?

ፓምፑ ዛሬ ድምፅ የለውም። ማብሪያውን ስነካው እም እም ብሎ ዝም ይላል፤ የሆነ የሚሸት ነገርም አለ። ዳግመኛ አልነካሁትም። የጣሪያው ሮቶ ባዶ ነው፤ ከሁለተኛ ፎቅ በላይ ጠብታ የለም። የጋሪ ውሃ አንድ ጀሪካን 25 ብር ገብቷል፤ ባለ ጋሪው ወሬው ከእኛ ቀድሞ ደርሶታል መሰለኝ፣ ጠዋት 12 ሰዓት በር ላይ ቆሞ አገኘሁት።

ካሳሁንን ደውልለት፤ የእኔን ስልክ አያነሳም። ሰው ሁሉ ቧንቧውን እንዲዘጋ በር ላይ ወረቀት ለጥፌያለሁ። ባለፈው ውሃው ሲመለስ አራተኛ ፎቅ ሰው አልነበረም፣ የሁላችንም ኮርኒስ ነው የጠጣው።

ሒሩት