ጉዳዩ፦ የወንጀል ሳይንስ ጽሑፍ ማስረከቢያ ቀን እንዲራዘምልኝ ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ መምህር፣

የ3ኛ ዓመት የወንጀል ሳይንስ ተማሪዎ ሰዓዳ ነኝ። ዓርብ ግንቦት 7 የምናስረክበውን ጽሑፍ በወባ ምክንያት ስላላደረስኩ፣ እስከ ዓርብ ግንቦት 14 እንዲያራዝሙልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሁለት ሳምንት በፊት ለለቅሶ ወደ ሐርቡ ወርጄ ነበር። ደሴ ከተመለስኩ በኋላ እሁድ ማታ ብርድ ብርድ አለኝ፤ የደሴ ብርድ ነው ብዬ ጋቢ ደርቤ ተኛሁ። ሌሊቱን ግን ጥርሴ ሲንገጫገጭ የዶርም ጓደኞቼ ሁሉ ነቁ። ሰኞ ጠዋት በደም ምርመራ ወባ መሆኑ ታወቀ። የ3 ቀን መድኃኒቱን ዛሬ ጨርሻለሁ፤ ትኩሳቱ ቢለቀኝም ገና አንድ ገጽ ሳላነብ ራሴ ይዞራል።

ርዕሴ ያው በክፍል የነገርኩዎት ነው፦ የወሎ የአበጋር ሽምግልና በብሬይዝዌት የ1989 ንድፈ ሐሳብ ሲታይ፣ አጥፊውን አሳፍሮ መልሶ ከማኅበረሰቡ የሚቀላቅል ነው ወይስ የሚያገል? መግቢያውንና የንድፈ ሐሳቡን ክፍል ጨርሻለሁ። የቀረኝ ዋናው ነው፤ የደም ካሳና እርቅ ላይ የተበዳይ ቤተሰብ ድምፅ ምን ያህል ይሰማል የሚለው። እሱን በትኩሳት ጽፌ ማበላሸት አልፈለግኩም።

የሕክምና ማስረጃዬንና እስካሁን የጻፍኩትን 6 ገጽ አያይዣለሁ። ሳምንት ከበዛ እስከ ማክሰኞም ቢሆን እሞክራለሁ። ቀድሜ አለማሳወቄን ይቅር ይበሉኝ፤ ስልክ ለመያዝ የበቃሁት ዛሬ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
ሰዓዳ