የረቡዕ ጠዋት ስታንድአፕ፦ የያዘንና ቃል የገባንበት

ሰላም ለሁላችሁ። ያለቀውን ሥራ እዚህ አልጽፍም፣ ሰሌዳው ላይ አለ። የያዘንን ነገርና እያንዳንዳችን አደርሳለሁ ያልነውን ብቻ ነው የማሰፍረው። ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የመጀመሪያው «ዕቃዎ ገብቷል» መልእክት ከመልካ ጀብዱ መጋዘን ለነጋዴዎቹ ይወጣል። ዛሬ ቅድሚያ የሰጠነው ያንን ቀን ሊያስቀር ለሚችለው ነው።

ከሁሉም የከበደን የመልእክቱ ርዝመት ነው። ፈይሰል ትናንት ማታ ሲሞክረው አማርኛው ለሁለት ተቆርጦ ሄደ፣ ሂሳቡም የሁለት መልእክት ሆነ። ተራ የላቲን ፊደል ብቻ ያለው ኤስኤምኤስ እስከ 160 ፊደል ይይዛል። አንድ የግዕዝ ፊደል ከገባበት ግን ጣሪያው 70 ነው። ከ70 ካለፈ ደግሞ ቁራጮቹን መልሶ ለመገጣጠም ቦታ ስለሚወሰድ እያንዳንዱ ቁራጭ 67 ብቻ ይይዛል። የእኛ አማርኛ ክፍት ቦታውን ጨምሮ 94 ነበር።

ኦሮምኛው ግን በቁቤ ተጽፎ፣ ከ160 በታች ሆኖ ሳለ እሱም ተቆረጠ። ሰሚራ ፊደል በፊደል ስታየው ችግሩ በቃል መሃል የሚገባው የሁዻ ምልክት ላይ ተገኘ። ጽሑፉ የተዘጋጀበት ፕሮግራም ቀጥ ያለውን ምልክት በራሱ ወደ ጎባጣው ቀይሮታል።

```
ga'eera
ga’eera
```

የላይኛው ደህና ነው። የታችኛው ምልክት ከኤስኤምኤስ መደበኛ ፊደላት ውጭ ስለሆነ ሙሉውን መልእክት ወደ 70 ያወርደዋል። በዓይን መለየት ከባድ ነው፣ ስለዚህ ማሽኑ ይፈትሸው። ሶማሊኛውም ይህንኑ ምልክት ስለሚጠቀም አብሮ ይታያል።

አማርኛውን በላቲን እንጻፈው የሚል ሐሳብ ተነስቶ ነበር። አልተቀበልነውም፤ እኔም አጥብቄ ነው የተቃወምኩት። አሸዋ ገበያ ሱቁ ውስጥ ደንበኛ እያስተናገደ መልእክቱን የሚከፍት ሰው በለመደው ፊደል ቶሎ ሊያነበው ይገባል። ማሳጠር ያለብን ቃላቱን ነው። የተስማማንበት ይህ ነው፦

«ዕቃዎ መልካ ጀብዱ መጋዘን ገብቷል። የዕቃ ቁጥር 4172። ለመረከብ መታወቂያ ይያዙ።»

53 ነው። ለነጋዴው ስም፣ ከሚለየው ክፍት ቦታ ጋር፣ 17 ይተርፈናል። ስሙ ከዚያ ከረዘመ የአባት ስም ይቀራል፣ የዕቃ ቁጥሩ ግን በምንም ምክንያት አይቆረጥም።

ፈይሰል አዲሱን አማርኛ ዛሬ 9 ሰዓት ላይ አስገብቶ በረጅም ስም ይሞክረዋል። ሰሚራ ጎባጣውን ምልክት ከመላኩ በፊት ወደ ቀጥታው የሚመልሰውን ኮድ ዛሬ 11 ሰዓት ላይ ታደርሳለች፣ ለሦስቱም ቋንቋዎች።

ሶማሊኛውን እስካሁን አፉን በሶማሊኛ የፈታ ሰው አላነበበልንም። ይህ ሳይሆን ቅዳሜ አይላክም። የፈይሰል አክስት መጋላ ይነግዳሉ፣ ለማንበብም ፈቃደኛ ናቸው። ዛሬ ማታ ይዞላቸው ይሄዳል፣ እርማቱን ነገ ጠዋት ይዞ ይመጣል። ነጋዴ ስለሆኑ ከቋንቋው በተጨማሪ ምን ግልጽ እንዳልሆነ ጠይቃቸው፣ ፈይሰል።

ሌላው በእኛ እጅ ያልሆነ ነው። በመልእክቱ ላይ የሚታየው የላኪ ስም ፈቃድ አልመጣም፣ ፈቃድ ሰጪዎቹም ስልክ አያነሱም። ሄለን ነገ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ በአካል ትሄዳለች። ነገ እስከ 6 ሰዓት መልስ ካልተገኘ በተራ ቁጥር እንልካለን፤ ቀኑን አናራዝምም። በዚያ ሁኔታ ነጋዴዎቹ የማያውቁት ቁጥር አይተው እንዳይጠራጠሩ የመጋዘኑ ኃላፊ ዓርብ ቀድመው ይደውሉላቸዋል። ሄለን አነጋግራቸዋለች፣ እሺ ብለዋል።

ዮናስ፦ የቀጠሮ ማስታወሻው «09:00» እያለ ነው። ነጋዴው 9 ሰዓት ብሎ አንብቦ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ላይ እንዳይመጣ «ጠዋት 3 ሰዓት» ይሁን። ነገ 5 ሰዓት ላይ አደርሳለሁ ብሏል። መብራት ሲጠፋ የመጋዘኑ ኢንተርኔትም ስለሚቋረጥ፣ ታብሌቱ የተመዘገበውን ይዞ ቆይቶ ኔትወርክ ሲመለስ እንዲልክ ማድረጉም የእሱ ነው። ይህን ዓርብ ከሰዓት እዚያው ሄዶ ራውተሩን አጥፍቶ ይፈትሸዋል። አንድ ዕቃ ሁለት ጊዜ እንዳይላክ በተለይ እይልን፣ ዮኒ።

እኔ የነጋዴዎቹን ስልክ ዝርዝር ከነመረጡት ቋንቋ አጣርቼ ነገ 8 ሰዓት ላይ እዚህ ግሩፕ ላይ እለጥፋለሁ። ቋንቋቸው ያልተመዘገበ አሉ፤ ለእነሱ ዛሬ እየደወልኩ እጠይቃለሁ።

ያላችሁት ሰዓት የማይደርስ ከመሰላችሁ እዚሁ ጻፉ፣ የነገውን ስታንድአፕ አትጠብቁ።